የድንገተኛ የካዝናና የፔቲ ካሽ ቆጠራ፦ ከበሩ እስከ ፊርማው

ጥያቄ፦ «የሕንፃ መሣሪያ በሚሸጥ ድርጅት የውስጥ ኦዲተር ነኝ። ዋና ገንዘብ ያዥ አለን፤ በሌላ ቢሮ ደግሞ 30,000 ብር የሚይዝ ፔቲ ካሽ አለ። ድንገተኛ ቆጠራ እንዳደርግ ታዝዣለሁ። ብር መቁጠሩ አይከብደኝም። ግን ከየት ልጀምር? ብሩን ማን ይቁጠረው? ጉድለት ከተገኘስ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፋል?»

ምላሽ፦

ከሁሉ በፊት ሁለቱንም ገንዘብ በአንድ ሰዓት ይያዟቸው። ዋናውን ካዝና ጠዋት ቆጥረው ፔቲ ካሹን ከሰዓት ካሉ፣ በመሃል ያለው ጊዜ ብር ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ለመሻገር ከበቂ በላይ ነው። ጠዋት የሞላው ካዝና ለከሰዓቱ ጉድለት ያበድራል፤ ሁለቱም «ትክክል» ይወጣሉ፣ ድርጅቱ ግን ገንዘብ ጎድሎበታል። ስለዚህ ሁለት ቡድን ይኑርዎት፤ አንዱ ዋናውን፣ ሌላው ፔቲ ካሹን በተመሳሳይ ደቂቃ ይግባ። እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሁለት ሰው ይሁን፤ ከኦዲት ሁለተኛ ሰው ከሌለ በገንዘቡም በምዝገባውም እጁ የሌለበት የሌላ ክፍል ሠራተኛ በታዛቢነት ይመደብ።

ሁለት ቡድን ማቆም ካልቻሉ አንዱን ያሽጉ። እሽግ ሲባል ቀላል ነገር ነው፦ የካዝናው በርና የገንዘብ መሳቢያው ከተቆለፉ በኋላ በመክፈቻቸው ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ ወረቀቱና በሩ በሚገናኙበት መስመር ላይ እርስዎም ገንዘብ ያዡም ትፈርማላችሁ፣ ሰዓቱ ይጻፋል። ቁልፉ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቆያል፤ እርስዎ ኪስ መግባት የለበትም። መሳቢያውን አይርሱ። ብዙ ሰው ካዝናውን አሽጎ የመስኮቱን መሳቢያ ክፍት ይተዋል፤ የዕለቱ ብር ያለው ግን እዚያ ነው። ቀድመው የሚያሽጉት ትልቁንና ብዙ እንቅስቃሴ ያለበትን፣ ማለትም ዋናውን ካዝና ነው። ፔቲ ካሹን ቆጥረው ሲመለሱ እሽጉ እንዳልተነካ ገንዘብ ያዡ ራሱ አይቶ ይመስክር፤ ያም በቅጹ ላይ ይመዝገብ።

ቀኑን ሲመርጡ ልማድ አይፍጠሩ። በየወሩ መጨረሻ ወይም ሰኔ 30 የሚደረግ ቆጠራ የሒሳብ መዝጊያ ቆጠራ ነው፤ ያስፈልጋል፣ ድንገተኛ ግን አይደለም። ፔቲ ካሽ ማሟያው ከባንክ በወጣ ማግስት መቁጠርም ብዙም አያስተምርም፤ ያን ቀን ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብር ብቻ ነው፣ ሰነድ የለም። ገንዘቡ ከግማሽ በላይ ወጥቶ ሰነዱ ሲወፍር ይግቡ፤ ችግር ካለ የሚደበቀው ሰነዱ ውስጥ ነው። ለዋናው ካዝና ደግሞ ጥሩ ሽያጭ ከነበረበት ቀን ማግስት፣ መስኮቱ ሳይከፈት፣ ጠዋት ከ2:15 እስከ 2:30 ባለው ይመረጣል። ደንበኛ ሳይኖር ሥራው በአንድ ሰዓት ያልቃል። በሥራ ሰዓት መሃል መግባት ግድ ከሆነ መስኮቱ ይዘጋል፤ የማይዘጋ ከሆነ ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሚገባው ብር ከሚቆጠረው ጋር ሳይቀላቀል በሌላ ሳጥን ይቀመጣል። ቀኑን ማወቅ ያለባችሁ እርስዎና ያዘዘዎት ኃላፊ ብቻ ናችሁ። የፋይናንስ ኃላፊው በሩ ላይ ሲደርሱ ይነገረው።

ሲገቡ የተፈረመውን የትእዛዝ ደብዳቤ ያሳዩና ገንዘብ ያዡ ከወንበሩ ሳይነሳ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «በእርስዎ ኃላፊነት ሥር ያለ የድርጅቱ ገንዘብ፣ ቼክና ሰነድ በሙሉ የት የት አለ?» መልሱን በዚያው ይጻፉት። መሳቢያ፣ ካዝና፣ የብረት ሳጥን፣ የእጅ ቦርሳ፣ ባንክ ሊወስደው ለሾፌሩ የተሰጠ ፖስታ ሁሉ ይጠቀስ። ይህ መልስ ከቆጠራው በፊት መገኘቱ ነው ዋጋው። ጉድለት ከታየ በኋላ «ለካ ሌላም ቦታ ብር ነበር» የሚል ከመጣ፣ ቀድሞ ያልተጠቀሰ መሆኑ በጽሑፍ ተይዟል።

ቀጥሎ ብሩ ሳይነካ ሰነዱ ይቆረጣል፤ ማለትም እያንዳንዱ ሰነድ እስከዚያች ደቂቃ የደረሰበት የመጨረሻ ቁጥር ይያዛል። ይህን ደረጃ የሚዘል ቆጠራ ጊዜ ማባከን ነው። የመጨረሻው የተቆረጠ የገቢ ደረሰኝ ቁጥር ስንት ነው? ቀጣዩ ባዶ ደረሰኝስ? የመጨረሻው የክፍያ ቫውቸር፣ የመጨረሻው የባንክ ገቢ ወረቀት፣ በገንዘብ መዝገቡ ላይ የመጨረሻው ምዝገባ? ሁሉም በቁጥርና በቀን ይጻፋል፤ በደረሰኙ ቀሪና በመዝገቡ መጨረሻ መስመር ላይም ትንሽ ፊርማዎን ያኖራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ከፊርማዎ በላይ የሚገባ ነገር የለም። ያልተጀመሩ የደረሰኝ ጥራዞችም ይቆጠሩ፤ ከጠቅላላ አገልግሎት በስንት ቁጥር እንደወጡ በኋላ ያመሳክራሉ። ከመሃል የጎደለ ጥራዝ ከጎደለ ብር የከፋ ነው፤ በእሱ የተሰበሰበው ገንዘብ ከናካቴው መዝገብ ላይ አይመጣምና። መዝገቡ በኮምፒውተር ከሆነ በዚያው ሰዓት ታትሞ ይፈረምበት። ሽያጩ በካሽ ሬጅስተር የሚያልፍ ከሆነ ያለፈው ቀን የዜድ ሪፖርትም አብሮ ይያዝ።

በመዝገቡ መሠረት ስንት መኖር እንዳለበት ግን ገና አይደምሩ፣ በገንዘብ ያዡም ፊት አይጥሩት። ቆጣሪው የሚጠበቀውን ቁጥር ካወቀ ሳያስበው ወደዚያው ይቆጥራል።

አሁን ብሩ። ብሩን የሚነካው ገንዘብ ያዡ ነው፤ እርስዎ ከጎን ሆነው አብረው ይቆጥራሉ፣ ሁለተኛው ሰው ይጽፋል። አንዳንድ ኦዲተር ራሱ መቁጠር ይመርጣል፤ የድርጅቱ መመሪያ ከፈቀደ ይቻላል፤ የማይቀየረው ግን ገንዘብ ያዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዐይኑን ከብሩ አለመንቀሉ ነው። ስልክ ቢደወል፣ ሥራ አስኪያጅ ቢጠራው፣ ብሩ ተመልሶ ይቆለፋል፣ ሁላችሁም ትወጣላችሁ። ኦዲተር ለሁለት ደቂቃም ቢሆን ከብር ጋር ብቻውን ከቀረ፣ የሚገኘው ጉድለት የማን እንደሆነ የሚለይ ሰው አይኖርም። ጠረጴዛው ላይ ከሚቆጠረው ብር በቀር ምንም አይኑር፤ ቦርሳም ጃኬትም ይነሳ።

ከትልቁ ይጀምሩ፦ 200፣ 100፣ 50፣ 10፣ 5፣ ከዚያ የ1 ብርና ሳንቲሙ። እስሮች ሁሉ ተፈተው ይቆጠሩ፤ ባንክ ያሰራቸውም ጭምር። የ200 ብር እስር ላይና ታች 200 ሆኖ መሃሉ በ50 ሊሞላ ይችላል፤ ወይም ከመቶው ቅጠል ሦስት ወይም አራት ተስቦ ወጥቶ ይሆናል፤ እስሩ ላይ ያለው የባንክ ማኅተም ይህን አይከለክልም። አንድ ዓይነት ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ሁለቱ ሲገጥሙ ብቻ ይጻፋል፤ የተቆጠረው ወደ ጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ይሄዳል። የተጠረጠረ ሐሰተኛ ኖት ለብቻው ይቀመጥ፣ የመለያ ቁጥሩ ይጻፍ፣ ከድምሩ ውጭ ይሁን። በ2013 ዓ.ም. ከተቀየሩት አሮጌ 10፣ 50 ወይም 100 ብር አንድ እስር ከካዝናው ጥግ ቢወጣ ዋጋው ዜሮ ተብሎ ይመዘገባል። ግን ማስታወሻ ይያዙበት፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ቆጠራዎች ያን እስር እንደ ብር ቆጥረውት ከነበረ ማንም እስር አልፈታም ማለት ነው።

ካዝና ውስጥ የሚገኘው ሁሉ ይቆጠራል፤ «ይሄ የእኔ ነው፣ ይለፍ» አይባልም። በእኛ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ እቁብ፣ የእድር መዋጮ፣ የሆነ ሰው አደራ ካዝና ውስጥ መገኘቱ የተለመደ ነው። እሱም በብር ዓይነቱ ተቆጥሮ በተለየ መስመር ይጻፋል፣ የማን ነው እንደተባለም ይገለጻል፣ ባለቤቱ በዚያው ቀን ይጠየቃል። ሳይቆጠር ከታለፈ ያ ፖስታ ጉድለት መሙያ መጠባበቂያ ሆኖ ይኖራል፤ ትርፍ ሲገኝ የእቁብ፣ ሲጎድል የድርጅቱ ይሆናል። በሪፖርቱ ላይ ደግሞ የግል ገንዘብ ከካዝናው ይውጣ ብሎ መጻፍ አይለፍዎ።

ቼክ እንደ ብር አይደመርም፤ በተለየ ዝርዝር ይገባል፦ ባንኩ፣ የቼክ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ከፋዩ፣ ተከፋዩ፣ መጠኑ፣ የተቆረጠለት ደረሰኝ ቁጥር። ቀኑ ገና ያልደረሰ ቼክ፣ በገንዘብ ያዡ ወይም በባልደረባ ስም የተፈረመ ቼክ፣ ተከፋዩ ድርጅቱ ያልሆነ ቼክ ከታየ ብር ወጥቶ በወረቀት ተተክቷል ብለው ይጠርጥሩ። የዝውውር ነገርም እንዲሁ ነው። ደንበኛው በሞባይል ባንክ ወይም በቴሌብር የከፈለበት የስልክ ስክሪን ፎቶ ታትሞ በብር ቦታ ሲቀርብ ይታያል። ያ ወረቀት ገንዘብ አይደለም። የድርጅቱ የባንክ መግለጫ ላይ ያ መጠን ገብቷል ወይ? ተቀባዩ አካውንት የድርጅቱ ነው ወይስ የገንዘብ ያዡ? እስኪጣራ ከድምር ውጭ ይቆያል።

በአንድ ምሳሌ ላይ እንሂድበት፤ ልክ እንደ እናንተ ዓይነት ድርጅት፣ ረቡዕ ጠዋት 2:20፣ ሁለት ቡድን።

በዋናው ካዝና የተገኘው ብር ይህ ነው እንበል፦

200 ብር × 412 = 82,400
100 ብር × 233 = 23,300
50 ብር × 61 = 3,050
10 ብር × 48 = 480
5 ብር × 17 = 85
1 ብር × 22 = 22
ጥሬ ገንዘብ ድምር = 109,337
ቼክ 1 = 46,000
ጠቅላላ = 155,337

ብሩ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ወደ መዝገቡ ይዞራሉ። ሰኞ ማታ ከወጪ ቀሪ 74,517 ብር፣ ሁሉም ጥሬ ገንዘብ። ማክሰኞ ከደረሰኝ ቁጥር 4418 እስከ 4437 የተሰበሰበ 128,620። ማክሰኞ ባንክ የገባ ጥሬ ገንዘብ 60,000። ስለዚህ በመዝገቡ መሠረት 143,137 ብር መኖር አለበት፤ የተገኘው ግን በ12,200 ይበልጣል። እዚህ ላይ «ብልጫ ተገኘ» ብሎ የሚጽፍ ኦዲተር ተሳሳተ። መጀመሪያ የተያዘው የደረሰኝ ቁጥር ሲታይ የመጨረሻው የተቆረጠው 4440 ነው፤ መዝገቡ ግን 4437 ላይ ቆሟል። ማክሰኞ ማታ መስኮቱ ሊዘጋ ሲል የተቆረጡት ሦስቱ ደረሰኞች በጥሬ ገንዘብ 12,200 ናቸው፣ አልተመዘገቡም። እነሱ ሲጨመሩ 155,337 ይሆናል፤ ካዝናው ልክ ነው። የደረሰኙን ቁጥር ቀድመው ባይዙ ኖሮ ያ ብር ወይ ምክንያት የሌለው ብልጫ ሆኖ ይመዘገባል፣ ወይ ደግሞ በ12,200 የሚያህል ጉድለትን በጸጥታ ይሸፍናል።

ድምሩ ስለገጠመ አይቁሙ፤ ዓይነቱም ይግጠም። ከማክሰኞው 128,620 ውስጥ በቼክ የተከፈለው 46,000 ብቻ መሆኑ በደረሰኝ 4431 ላይ «በቼክ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ቀሪው 82,620 ጥሬ ገንዘብ ነበር ማለት ነው። 74,517 ሲደመር 82,620፣ ሲደመር 12,200፣ ሲቀነስ 60,000፤ 109,337 ይመጣል፤ ከተቆጠረው ብር ጋር ገጠመ። ደረሰኙ ላይ «በጥሬ ገንዘብ» ተብሎ ካዝናው ውስጥ ቼክ ቢገኝ ኖሮ ድምሩ ቢገጥምም ብር በቼክ ተለውጦ ወጥቷል። ጉድለት የሌለበት ማጭበርበር ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው።

በዚህ ካዝና ላይ ግን አንድ የሚጻፍ ነገር አለ። የሰኞ ገንዘብ ማክሰኞ ሙሉ በሙሉ ባንክ መግባት ሲገባው 60,000 ብቻ ገብቷል፤ 14,517 ብር አድሮ ከሌላ ቀን ገቢ ጋር ተቀላቅሏል። የአንድ ቀን ገቢ በሙሉ፣ ባለበት ዓይነት፣ በማግስቱ ባንክ ካልገባ የዛሬን ደንበኛ ገንዘብ ለትናንቱ ጉድለት መሙያ ማድረግ ይቻላል፤ የባንክ ገቢ ወረቀቱም ከየትኛው ደረሰኝ ጋር እንደሚገጥም አይታወቅም።

ወደ ፔቲ ካሹ። እዚህ ያለው ሕግ አንድ መስመር ነው፦ በእጅ ያለ ብር፣ ገንዘባቸው በማሟያ ገና ያልተተካ የክፍያ ሰነዶች፣ ተፈቅደው በጊዜያዊነት የተሰጡ፣ እና በመንገድ ላይ ያለ ማሟያ ተደምረው ሁልጊዜ 30,000 መሆን አለባቸው። በዚያ ጠዋት የተገኘው ብር 9,207 ነው። ፔቲ ካሽ ያዧ ያቀረቡት 11 የክፍያ ሰነድ፣ ድምሩ 12,468። በተለምዶ ሰስፔንስ የምንላቸው ሦስት ጊዜያዊ ወረቀቶች፣ ድምራቸው 5,500። በጠቅላላው 27,175፤ ሲታይ 2,825 ጎድሏል። በመንገድ ላይ ያለ ማሟያ የለም።

ሰነዶቹ አንድ በአንድ ሲገለጡ ቁጥሩ ይለወጣል። ከአሥራ አንዱ አንዱ የጽሕፈት መሣሪያ ግዢ ነው፣ 840 ብር። የተያያዘው የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ሳይሆን ፎቶ ኮፒው ነው። የደረሰኙ ቁጥር ባለፈው ማሟያ ሰነዶች ውስጥ ሲፈለግ ዋናው እዚያ አለ፤ «ተከፍሏል» የሚል ማኅተም አርፎበት ተተክቷል። ስለዚህ 840ው ሁለተኛ ጊዜ ቀርቧል፤ ይወጣል። (በነገራችን ላይ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በጥቂት ወራት ይደበዝዛል፤ ኮፒ አብሮ ማያያዝ መልካም ልማድ ነው። ኮፒው ዋናውን የሚተካበት ምክንያት ግን የለም።) የቀሩት አሥሩ 11,628 ናቸው፤ ቀናቸው ካለፈው ማሟያ በኋላ መሆኑን፣ የፈቀደው ሰው ፊርማ መኖሩን፣ ለአንድ ክፍያ ከተፈቀደው ጣሪያ አለማለፋቸውን፣ አንድ ግዢ ጣሪያውን ለማምለጥ ለሁለት አለመሰንጠቁን አይተው ያልፏቸዋል። የእያንዳንዱ ቁጥርና መጠን በቅጹ ይዘረዘራል፤ እርስዎም ትንሽ ፊርማ ያሳርፉበታል፤ አለበለዚያ ያው ሰነድ በሚቀጥለው ቆጠራ ተመልሶ ይመጣል።

ጊዜያዊ ወረቀቶቹ ይለያያሉ። ለሾፌሩ ለጎማ ጥገና የተሰጠ 2,000 የሦስት ቀን ዕድሜ አለው፣ ተፈቅዷል፤ ይቆጠራል። ለግዢ ሠራተኛው የተሰጠ 1,500 ከአምስት ሳምንት በፊት ነው፤ ሠራተኛው በዚያው ጠዋት ሲጠየቅ መውሰዱን አመነ፣ ግዢው አልተፈጸመም። ይቆጠራል፤ ግን መቼ መወራረድ እንደነበረበት ተጠቅሶ በሪፖርቱ ይወጣል። ሦስተኛው 2,000 ያዧ ራሳቸው የፈረሙት ነው፣ የፈቀደ ሰው የለም። ይህን እኔ እንደ ገንዘብ አልቆጥረውም። ገንዘብ ጠባቂ ለራሱ በራሱ ፊርማ ያበደረው ገንዘብ ጉድለት ነው፤ ወረቀቱ መኖሩ ስሙን አይቀይረውም። ተቀባይነት ያለው ስንት ሆነ? 9,207፣ 11,628 እና 3,500፤ ድምሩ 24,335። ጉድለቱ 5,665 ነው፤ መጀመሪያ ከታየው እጥፍ ያህል።

በዚህ ጊዜ ማብራሪያ ይመጣል። ያዧ «3,000 ብር ትናንት ከሰዓት ለዋናው ገንዘብ ያዥ ለዝርዝር ሰጥቻለሁ፣ ካዝናው ውስጥ አለ» አሉ እንበል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ባይቆጠሩ ኖሮ ዋናው ገንዘብ ያዥ 3,000 ብር አምጥቶ ነገሩ ይዘጋ ነበር። አሁን ግን ማረጋገጫው በእጅዎ ነው። አባባሉ እውነት ከሆነ ዋናው ካዝና ከመዝገቡ በልጦ ልክ 3,000 ብር ትርፍ ማሳየት ነበረበት። ያሳየው ዜሮ ልዩነት ነው። ስለዚህ ወይ ብሩ አልተሰጠም፣ ወይ ተሰጥቶ ዋናው ካዝና ራሱ የ3,000 ጉድለት ነበረበትና በእሱ ተሞላ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ቆጠራው አይነግርዎትም፤ ሁለቱም ሰዎች ለየብቻ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ፣ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ያደርጋሉ። በድርጅቱ ላይ የጠፋው ግን በሁለቱም መንገድ 5,665 ነው፤ ገንዘቡን ማን እንደሚጠየቅበት ብቻ ነው የሚለየው።

ወረቀቱን በሚመለከት፣ ለእያንዳንዱ ገንዘብ የራሱ ቅጽ ይኑር፤ በእስክሪብቶ፣ በቦታው፣ ብሩ ጠረጴዛ ላይ እያለ ይሞላ። ቢሮ ተመልሶ በንጹሕ የተገለበጠ ቅጽ ማስረጃነቱ ይደክማል፤ የተሰረዘበትና ሁለት ሰው የፈረመበት ዋናው ይሻላል። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፋል፣ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበታል፤ በነጭ ቀለም አይሸፈንም። ቅጹ ላይ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ በቦታው የነበሩት ሰዎች፣ የተቆረጡት የሰነድ ቁጥሮች፣ ብሩ በዓይነት፣ ቼኩ በዝርዝር፣ ያልተተኩ ሰነዶች፣ ጊዜያዊ ወረቀቶች፣ የግል ገንዘብ፣ በመዝገብ መኖር ያለበት እና ልዩነቱ ይሰፍራሉ። ባዶ የቀሩ መስመሮች በሰያፍ ይዘጉ።

ልዩነቱ በቁጥር ብቻ ይጻፋል፦ «ጉድለት 5,665.00 ብር»፤ ስሌቱም እስከ መጨረሻው ይታያል። «ተሰረቀ»፣ «ተመዘበረ» የሚል ቃል ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። መጨረሻ ላይ ገንዘብ ያዡ በራሱ እጅ ጽሑፍ እንዲጽፈው የምመክረው ይህን ነው፦

«ከላይ የተዘረዘረው ገንዘብና ሰነድ በእኔ ኃላፊነት ሥር የነበረው የድርጅቱ ንብረት በሙሉ ነው። በእኔ ፊት ተቆጥሮ፣ ዛሬ … ቀን ከቀኑ … ሰዓት ላይ ሳይጎድል በሙሉ ተረክቤያለሁ።»

ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የተለያየ ሥራ አላቸው። የመጀመሪያው ሌላ ቦታ ብር ነበረኝ የሚለውን በር ይዘጋል። ሁለተኛው ኦዲተሩን ይጠብቃል፤ ነገ «ሲቆጥሩ ነው የጎደለው» ቢባል መልሱ እዚያ ነው። ከመፈረሙ በፊት ገንዘብ ያዡ ብሩን እንደገና ቆጥሮ ይረከብ። ጉድለቱን ባያምንበትም የሚፈርመው ለተቆጠረው መጠንና ለርክክቡ መሆኑን በግልጽ ይንገሩት፤ ስለ ጉድለቱ የሚለውን በሌላ ወረቀት ይጽፋል። አልፈርምም ካለ «ቅጹ ተነብቦለት ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ተብሎ ሰዓቱ ይጻፋል፣ ታዛቢውና ሁለተኛው ኦዲተር ይፈርማሉ። አያስገድዱ፣ ዋናውን ቅጽም እሱ ዘንድ አይተዉ፤ አንድ ቅጂ ለእሱ፣ አንድ ለፋይናንስ ይሰጣል፣ ዋናው ከእርስዎ ጋር ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አለ፦ ገንዘብ ያዡ ከኪሱ አውጥቶ ወዲያው ልተካ ይላል። ብሩን አይከልክሉት፤ ግን በቆጠራው ድምር ውስጥ አይግባ። ቅጹ ጉድለቱን እንዳለ ይዞ ይዘጋል፤ የሚተካው ገንዘብ በመደበኛ የገቢ ደረሰኝ፣ በከፋዩ ስም፣ «በ… ቀን በተደረገ ቆጠራ ለተገኘ ጉድለት መተኪያ» ተብሎ ገቢ ይሆናል። ብልጫም ሲገኝ እንዲሁ ደረሰኝ ተቆርጦለት ይመዘገባል፣ ለገንዘብ ያዡ አይመለስም። ከብልጫው ጀርባ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ደንበኛ ሊኖር ይችላል።

በደረሱበት ቀን ገንዘብ ያዡ ከሌለ በትርፍ ቁልፍ ከፍተው አይቁጠሩ። ካዝናውን ያሽጉና ይጠብቁ። ፈቃድ ላይ ከሆነ ርክክብ ተደርጎ የወሰደው ሰው መኖር አለበት፤ እሱ ነው የሚቆጥረው። ርክክብ ሳይደረግ ቁልፍ ለጓደኛ ተሰጥቶ ከተገኘ ያ ራሱ ግኝት ነው፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደተገኘ ተጽፎ ካዝናው ይታሸጋል። ገንዘብ ያዡ ጨርሶ የማይመጣ ከሆነ አስተዳደሩ በደብዳቤ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ከተቻለ የገንዘብ ያዡ ተወካይ ወይም ቤተሰብ ባለበት ተከፍቶ በቃለ ጉባኤ ይቆጠራል።

ቅጹ ተፈርሞ ሥራው አላለቀም። የማክሰኞው 60,000 የባንክ ገቢ ወረቀት ማኅተም ቢኖረውም ከባንክ መግለጫው ላይ ቀኑንና መጠኑን ያዩታል። በቆጠራው የነበረው ጥሬ ገንዘብና የ46,000ው ቼክ ረቡዕ ባንክ መግባታቸውን፣ ቼኩ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላም ሳይመለስ መቅረቱን ያጣራሉ። 4438፣ 4439 እና 4440 መዝገብ ላይ በትክክለኛ ቀናቸው መግባታቸውን ይመለከታሉ። ከፔቲ ካሹ የሾፌሩ 2,000 በደረሰኝ ሲወራረድ፣ የደረሰኙ ቀን ከቆጠራው በፊት ነው ወይስ በኋላ? የግዢ ሠራተኛው 1,500 ተመላሽ ሲሆንስ በስንት ቁጥር ደረሰኝ ነው የገባው? የሚቀጥለው የማሟያ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ እርስዎ ፊርማ ያሳረፉባቸው አሥር ሰነዶች በውስጡ መኖራቸውንና ያ የ840 ብር ኮፒ ተመልሶ አለመግባቱን ያመሳክሩ።